የማጣሪያው ስንጥቅ

የማጣሪያውን ሻማ የጣልኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻማ የምንለው ከሸክላ የተሠራ፣ ነጭ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። በላይኛው ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ይቆማል። የተገለበጠበት ውሃ በግድግዳው ቀስ ብሎ ይሰርግና ወደ ታችኛው ባልዲ ይንጠባጠባል፤ እኛም ከታችኛው በትንሿ መክፈቻ እየቀዳን እንጠጣለን። ማፍላቱን ትተነው ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ከሰሉ ቤቱን ያጨሰዋል፣ በአዳማ ሙቀት የፈላ ውሃ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ቀን ይፈጃል እያልን ነው የተውነው። እኔ፣ ሚስቴና የሰባት ዓመቷ ልጃችን የምንጠጣው ሁሉ በዚያ ሻማ ብቻ ያልፍ ነበር።

ያን ቀን ሻማው ጭቃ ጠጥቶ ተዘግቷል። ቧንቧ ለብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚተፋው ቀይ አፈር ነው፤ ዝቃጩ እስኪወርድ ሳንጠብቅ፣ በጨርቅም ሳናጠል እንዳለ ገልብጠንበት ነበር። ሚስቴ ጠዋት ስትወጣ፣ «በስፖንጅ ቀስ አድርገህ እጠበው፤ ሳሙና እንዳታስነካው» ብላኛለች። እኔ ግን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አነሳሁ። ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ከሚገኙት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ። ስምንት ሰዓት ሙሉ አለቃ እየጮኸብኝ የተጣበቀ ብረት ሳላቅቅ የምውል ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር እምቢ ሲለኝ ጉልበት እጨምርበታለሁ። ፈገፈግኩት። ነጭ ዱቄት እየሆነ በጣቶቼ መካከል ወረደ። የበለጠ ስጫነው ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ አረፈ።

አልተሰበረም። አንስቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ግን ከታች፣ ከመቀመጫው አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አየሁ። ባልዲውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ማንም ሳያየኝ ከመሣሪያ ሳጥኔ ሱፐር ግሉ አውጥቼ ስንጥቋን ቀባኋትና መልሼ ተከልኩት። ሚስቴ ስትመጣ ታችኛው ባልዲ ሞልቶ ጠበቃት።

«እንዴት ፈጠነ!» አለች ደስ ብሏት። «ድሮ እኮ ይህን ለመሙላት ሌሊቱን ሙሉ ነበር የሚንጠባጠበው። እጅህ ይባረክ።»

አሜን አልኩ። የፈጠነው ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በሻማው ግድግዳ መስረግ የነበረበት ውሃ ማጣበቂያው ባልያዘው ስንጥቅ በኩል ሳይጣራ እየወረደ ነበር። እኔ ግን ለራሴ፣ ይህቺ ምን ታመጣለች፣ ውሃው ንጹሕ ይመስላል፣ አልኩ። ዓይን የሚያየው ጭቃን ብቻ እንደሆነ ያላወቅሁ ይመስል።

የምንኖረው አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ቧንቧው አንድ ነው። በተከታዩ ማክሰኞ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል መጣ፤ ግቢው የጦር ሜዳ ሆነ። አንዷ ተከራይ ጀሪካኗን ጎማው ላይ እንደሰካች፣ ሌላዋ ከኋላ መጥታ ጎማውን መንጭቃ ነቀለችው። የመጀመሪያዋ ዞር ብላ ባዶውን ጀሪካን በፊቷ ላይ አሳረፈችባት። የሁለቱም ባሎች ወጡ። እኔም በመካከላቸው ገብቼ አንዱን በደረቱ ገፍቼ ከግድግዳ ጋር አላተምኩት፤ ላስታርቅ ሳይሆን ባልዲዬን ላስቀድም። አከራያችን፣ ጠና ያሉ ሴት፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው «እናንተ አረመኔዎች! ውሃ ነው እኮ! ውሃ!» እያሉ ሲጮኹ ቧንቧው ሁለቴ አስነጥሶ ቆመ። ማናችንም አንድ ባልዲ አልሞላንም። መሬቱ ላይ ውሃና ደም ተቀላቅሎ ነበር፤ የአንዷ አፍንጫ ነስሯል።

ስለዚህ እንደ ወትሮው በጋሪ የሚመጣውን ጠበቅን። ጋሪ ነጂው በእኔ ዕድሜ ገደማ ያለ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወለንጪቲ አካባቢ ነው ያደገው። ጥርሶቹ በቡናማ መስመር የተዥጎረጎሩ ናቸው። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ያደገ ሰው ብዙው እንዲህ ነው፤ ፍሎራይዱ ከልጅነት ጀምሮ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ቢያፈሉትም አይወጣም። እሱ ራሱ ነው አንድ ቀን የነገረኝ። «ጋሼ፣ ማፍላት ተሐዋሲ ይገድላል እንጂ የመሬቱን ጨው አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ጨው ይበዛበታል» ብሎ እየሳቀ ጥርሱን አሳየኝ። ውሃውን የሚያመጣው ሠፈሩ ዳር ካለ ቦኖ ነበር፤ በአህያ ጋሪ፣ በቢጫ ጀሪካኖች። «ይህ የቦኖ ውሃ ነው፤ ግን መንገድ አቋርጦ ነው የመጣው። አፍሉት» ይል ነበር ሁልጊዜ፣ ጀሪካኑን እያወረደ። ሁላችንም እሺ እንለዋለን። ጎረቤቶቼ እውነትም ያፈሉ ነበር። እኔ ማጣሪያ አለኝ ብዬ በኩራት አልፋቸዋለሁ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሆዴን አለች። ትንሽ ቆይታ አስመለሳት። ከዚያ ሆዷ ተፈታ፤ እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ነጣ ያለ ነገር ያለማቋረጥ ይወርዳት ጀመር። ሚስቴ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣታለች፤ ልጅቷ መልሳ ታወጣዋለች። በነጋታው ጠዋት ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው፣ የእጇ ቆዳ ሲቆነጠጥ ተነስቶ ይቀር ነበር። ተሸክሜያት በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ንጥረ ነገሩን የበጠበጥነው ከማጣሪያው በቀዳነው ውሃ እንደነበር መንገድ ላይ ትዝ አለኝ።

ነርሷ ደም ሥር ፍለጋ አራት ጊዜ ወጋቻት። ልጄ ለመጮህ እንኳ ድምፅ አልነበራትም፤ አፏን ብቻ ትከፍታለች። በአራተኛው ግሉኮሱ ገባ። ነርሷ ፕላስተሩን እየለጠፈች ጠየቀችን።

«የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

«ከጋሪ» አልኩ ፈጥኜ።

«ታፈሉታላችሁ?»

«እናጣራዋለን» አለች ሚስቴ። «ጥሩ ማጣሪያ አለን።»

«ማጣሪያው ደህና ነው? ያልተሰነጠቀ፣ ያልተሸራረፈ?»

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እሱ ነው ባለፈው ቅዳሜ ያጠበው።»

«ደህና ነው» አልኩ። «ውሃው ነው የተበከለው። ጋሪ ነጂው ከየት እንደሚቀዳው ማን ያውቃል!»

ይህን ስናገር ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ወደድኩት። ሁለት ቀን በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የግሉኮሱን ጠብታ እየቆጠርኩ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ስመግበው ሰነበትኩ። ከወንዝ ነው የቀዳው። ከመስኖ ቦይ ነው። ልጄን መርዝ ነው ያጠጣት። እሑድ ጠዋት የልጅቷን ልብስ ልወስድ ወደ ቤት ስመለስ በራሴ ውሸት ሙሉ በሙሉ አምኜ ነበር።

ጋሪው በራችን ላይ ቆሟል። ነጂው ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ግቢ ሊገባ ሲል አየኝ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ታመመች አሉኝ። እግዜር ይማርልህ። እንዴት...»

አላስጨረስኩትም። በቡጢ አፉን መታሁት። ጀሪካኑ ከትከሻው ወድቆ ፈነዳ፤ ውሃው በሁለታችን ላይ ረጨ። እሱ ተንገዳግዶ ጋሪውን ያዘ፤ እጁን አላነሳም። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ኮሌታውን ይዤ ደግሜ መታሁት። በጉልበቱ ሲወድቅ በእርግጫ ጎኑን አልኩት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንድ ነገር በጫማዬ ሥር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። አህያዋ ደንግጣ ጋሪውን እየጎተተች ወደ አስፋልቱ ፈረጠጠች።

«ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

«ዲሲ! ዲሲ!» ይላል እሱ መሬት ላይ፤ ተወኝ ማለቱ ነው። አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ሰው ሲደበደብ በአፍ መፍቻው ነው የሚለምነው። አከራያችን መጥተው በእኔና በእሱ መካከል ተንበረከኩ። እሳቸውን መምታት ስላልቻልኩ ቆምኩ። ሰውየው ቀና ብሎ ደም ተፋ፤ ከደሙ ጋር የቡናማ ጥርስ ስባሪ ወጣ። የእኔም የመሐል ጣት መገጣጠሚያ ቆዳው ተልጦ ነጩ ይታይ ነበር።

«ይህ ሰው ምን አደረገህ?» አሉኝ አከራይዋ።

«በሽታ ሸጠልን።»

«እኛስ? እኛ ምን እየጠጣን ነው? ከዚሁ ጋሪ አይደለም እንዴ የምንቀዳው? አንድ ሰው ታመመብን?»

ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልብሱን ይዤ ስወጣ ደጃፉ ላይ ሰው አልነበረም። እርጥብ አፈርና የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነበር የቀረው።

ሰኞ ልጅቷ ተሻላትና ወደ ቤት መለሱን። ሚስቴ እንደገባች የማጣሪያውን ባልዲዎች ፈታ ሻማውን ይዛ ለብቻዋ ጓዳ ገባች። ማጣሪያው ከዚያ በኋላ አልተተከለም። ትልቁን የድግስ ድስት ከሰል ላይ ጣደች። ውሃውን በአራት የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልላ ትጨምረዋለች፤ ጠርዙ ላይ አረፋ ብቅ ሲል አታወርደውም፤ መሐሉ ድረስ ሲንተከተክ ሰዓቷን አይታ ደቂቃዎች ትጠብቃለች፤ ከዚያ ሳትከፍተው በክዳኑ ታቀዘቅዘዋለች። የቀዘቀዘውን አፋቸው ጠባብ በሆኑ ሁለት ጀሪካኖች ታስቀምጣለች፤ ማንም እጁን ወይም ኩባያውን እንዳይነክርበት። ጀሪካኖቹንም አስቀድማ በፈላ ውሃ አለቅልቃቸዋለች። ቲማቲም የምታጥብበትን፣ ጥርስ የምንቦርሽበትን ሁሉ ከዚያው ትቀዳ ጀመር። ለወጥ ብቻ፣ ለማንኛውም ስለሚፈላ፣ ከሌላ ጋሪ የገዛነውን ውሃ እንዳለ ታስገባለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው ጥርሷን ነክሳ ነበር። ለእኔ የምታወራው በአንድ ቃል ነው። ብላ። ተነሥ። ያዝ።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ኧረ ምን ተንኳኳ፣ ተገነጠለ። ሦስት ሰዎች ገቡ። የፊተኛው የጋሪ ነጂው ታናሽ ወንድም ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ በእጁ ወፍራም ዱላ ይዟል። ሌሎቹ ሁለቱ ዘመዶቹ ይመስላሉ፤ አንዱ ድንጋይ ጨብጧል።

«ያ ጀግና የት ነው?» አለ ወንድምየው። «የታሰረ አህያ የሚመታው የት ነው?»

ከበረንዳው ሥር የነበረ የብረት ቱቦ አንስቼ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ዱላ በክንዴ ተቀበልኩት፤ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። በቱቦው ወደ ጭንቅላቱ ሰነዘርኩ፤ ዝቅ አለና ትከሻው ላይ አገኘው። ድንጋዩ መጣና ቅንድቤ ላይ አረፈ። ዓይኔን ደም ሸፈነው። ወደቅኩ። ዱላው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ አየር አጠረኝ፤ ደግሞ አረፈ፤ ደግሞ። በተከፈተው በር የምታየን ልጄ ስትጮህ ሰማሁ። ባለፈው ሳምንት ጠፍቶባት የነበረው ድምፅ ያኔ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ የሚስቴን እግር አየሁ። ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዛ ቆማለች፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል።

«ራቁ!» አለች። «ራቁ ብያለሁ!»

ሁለቱ አፈገፈጉ። ወንድምየው ግን ዱላውን እንዳነሳ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሊመታት ይሁን ሊያልፋት አላውቅም። እሷም አላወቀችም። ደፋችው።

ውሃው ከጉልበቱ በታች ነው ያገኘው። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ሱሪውን በእጁ ይቦጫጭቃል። ዘመዶቹ ቆመው ቀሩ። እኔ፣ አልዋሽም፣ ለአንድ ቅጽበት ደስ አለኝ።

ሚስቴ ድስቱን ወርውራ ወደ ቤት ሮጠች። ያመለጠች መስሎኝ ነበር። ስትመለስ የቀዘቀዘውን ውሃ ጀሪካን እየጎተተች ነው፤ ልጃችን የምትጠጣውን፣ ትላንት ከሰል ስታራግብ ውላ ያፈላችውን። ከሰውየው አጠገብ ተንበርክካ በኩባያ እየቀዳች እግሩ ላይ ታፈስ ጀመር።

«እጁን ያዙልኝ! ሱሪውን አትጎትቱት፣ ቆዳው አብሮ ይላጣል! መቀስ!» አለች ወደ ዘመዶቹ። የምታስተምርበት አጸደ ሕፃናት ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዳለች። ድንጋይ የያዘው ሰው ድንጋዩን ጥሎ እጁን ያዘላት። ከተከራዮቹ አንዷ መቀስ አመጣች፤ ያቺ አፍንጫዋ የነሰረው። ሌላዋ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች፤ ሚስቴ ገፋቻት። «ምንም አይቀባም! ውሃ ብቻ!»

ሃያ ደቂቃ ያህል አፈሰሰች። የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ፤ ሁለተኛውን ከፈተች። ውሃው ከእግሩ ላይ እየወረደ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እዚያው እንደወደቅኩ ነበርና ጉንጬን ያረጥበው ነበር። ሰውየው መጮህ ትቶ ማልቀስ ጀመረ። እሷም ታለቅሳለች። ማንም ማንንም አይመታም። በመጨረሻ የተቃጠለውን በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠብቅ ሸፈነችለትና ወንዶቹ አቅፈው በባጃጅ ወሰዱት። በቤታችን አንድ ኩባያ የሚጠጣ ውሃ አልቀረም።

ነገሩ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ደም አለበት። አከራያችን ግን ቀድመው የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ጠሩ። ቅዳሜ ጠዋት በግቢያችን ባለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ጋሪ ነጂው ጎኑን በጨርቅ ታስሮ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል፤ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ወንድሙ እግሩን ዘርግቷል። እኔ ቅንድቤ ተሰፍቷል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ከወለንጪቲ የመጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አዛውንት፣ በአማርኛ ጀመሩ፤ ሲያስቡ ግን ኦሮምኛው ይቀላቀልባቸዋል።

«ልጄ፣ ሁሉንም ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቢሻን፣ ይህ ውሃ፣ ልጅህን እንዳሳመማት በምን አወቅህ? ስትመታው ምን ይዘህ ነው?»

«አባባ፣ እርስዎ ያውቁታል፣ የጋሪ ውሃ...» ብዬ ጀመርኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ልደግመው ነበር። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሪ ነጂው ቀና ብሎ አየኝ። ያልተቆጣ ዓይን ነው። ልጄ ታማ ሳለች ያየሁባት ዓይን ነው፤ የደከመ፣ ምንም የማይጠይቅ።

«ማጣሪያዬ ተሰንጥቆ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ የጣልኩት። በማጣበቂያ ደፍኜ ደበቅኩት። ለነርሷም ዋሸሁ። ግቢው ሁሉ የጠጣው ያንኑ ውሃ ነበር፤ ያላፈላነው እኛ ብቻ ነን። ይህ ሰው አፍሉት እያለ ነግሮኛል። ሁልጊዜ ነግሮኛል።»

ወንድምየው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግሮ ምራቁን ተፋ። ተነስቶ ሊመጣብኝ ሞከረ፤ እግሩ አልፈቀደለትም። ሽማግሌው በትራቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አስቀመጡት።

ያኔ ሚስቴ ከበረንዳው ላይ ተናገረች።

«አውቄ ነበር» አለች። ድምጿ ደረቅ ነው። «ሰኞ ዕለት ስፈታው ማጣበቂያውን በጥፍሬ ነካሁት። ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ማክሰኞ እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ እያወቅኩ ነው። እያወቅኩ ነው ሰው ያቃጠልኩት።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ባሌን እየገደልከው መሰለኝ። ግን እያወቅኩ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

ወንድምየው የተዘረጋ እግሩን አየ። «አንቺ ውሃሽን እግሬ ላይ ጨርሰሻል» አለ።

ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ሕክምና በእኔ ላይ አደረጉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጋሪ ነጂው ሸክም ማንሳት እስኪችል ድረስ በየእረፍት ቀኔ ሄጄ ጀሪካኑን እኔ እንድሸከምለት ፈረዱ። ሁለት ወር ያህል ሄድኩ። በቦኖው ሰልፍ ላይ ሰዎች «ያ ደብዳቢው» ይሉኝ ነበር። አንድ እሑድ አንድ ወጠምሻ ወረፋዬን ወስዶ በክርኑ አፌን መታኝ፤ ከንፈሬ ፈረጠ። ጋሪ ነጂው ከጋሪው ላይ ሆኖ ያየኛል። ምን እንደማደርግ እየጠበቀ ነበር። ጀሪካኔን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ እጄ ገና ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም ነበር። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ጀሪካኖቹን በየጠዋቱ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምሮ እያንቀጫቀጨ ከውስጥ እንደሚያጥባቸው አየሁ። ክዳን የጠፋውን ጀሪካን ለመጠጥ አይሸጥም። እኔ ያን ማለዳ ስረግጠው ይህን አንዱንም አላውቅም ነበር፤ ጠይቄውም አላውቅም።

ዛሬም ውሃ የሚያመጣልን እሱ ነው። የተሰበረው ጥርሱ ቦታ ባዶ ነው። ሰላም እንባባላለን፤ ግን ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሙ የቃጠሎው ጠባሳ ቁርጭምጭሚቱን ስለያዘው ትንሽ ያነክሳል፤ ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ ሚስቴን ግን ገበያ ላይ ሲያገኛት ይቆምላታል። እኔና ሚስቴ አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ተናግሬ ስለነበር ነው የቀረችው እንጂ፣ ዝም ብል ኖሮ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

በቤታችን አሁን ውሃ የማፈላው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ድስቱ እየተንተከተከ ሳለ ልጄ አጠገቤ ቆማ የትምህርት ቤት ወሬ ትነግረኛለች። እየሳቀች ነበር። ክዳኑን ለማንሳት ድንገት እጄን ከፍ ሳደርግ ወሬዋን አቋርጣ ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ጥግ ኩርምት አለች። ክዳኑን ሳልነካ እጄን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። ውሃው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። እሷ ግን እጇን ከራሷ ላይ ለማውረድ ብዙ ቆየች።